አብሽ የደም ስኳርን ይቀንሳል ከማለት በፊት

አብሽ ለስኳር በሽታ ፍቱን ነው ሲባል ያልሰማ የለም። ነገሩ እውነት መሆኑን ከጥናቶች ማጣራት የፈለገ ሰው ግን መጀመሪያ ጥያቄውን ያጥብብ፦ የወሰደው ማን ነው? ምን ያህል፣ በምን መልክ፣ ለምን ያህል ጊዜ? ከምን ጋር ተነጻጸረ?

ከዚያ የተገኙትን ጽሑፎች በደረጃ መለየት ይመጣል። በአይጥ ላይ የተሠራ ጥናት አብሽ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል ቢጠቁም እንጂ ሰውን መርዳቱን አያሳይም። የአያቶች ልምድም ጥያቄውን ይወልዳል እንጂ መልሱን አይሰጥም። ክብደት የሚሰጠው ታማሚዎች በዕጣ በሁለት ወገን ተመድበው፣ አንዱ ወገን አብሽ ሌላው ማነጻጸሪያ የወሰደበት ሙከራ ነው።

አብሽን ከማነጻጸሪያ ጋር ያወዳደሩ 10 ሙከራዎችን የሰበሰበ ግምገማ በ2014 እ.ኤ.አ. ኒውትሪሽን ጆርናል ላይ ወጥቷል። በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳር በአማካይ 17 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ለውጡ በግልጽ የታየው ግን የስኳር ሕመምተኞች መካከለኛ ወይም ከፍተኛ መጠን በወሰዱባቸው ጥናቶች ነው። ስኳሩ 180 የነበረ ሰው በዚህ አማካይ ቢወርድለት 163 ይደርሳል፤ ይህም ገና ከፍተኛ ነው። ስለዚህ «ያድናል» የሚለው ቃል ከወዲሁ ይወድቃል። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ ከ10ሩ አንዱን ለብቻው አግኝቶ እንደ አዲስ ማስረጃ መቁጠር ያንኑ ሙከራ ሁለት ጊዜ መመዘን ነው።

ግሬድ በተባለው የደረጃ አሰጣጥ በዕጣ የተመደቡ ሙከራዎች «ከፍተኛ» ከሚለው እርከን ይነሣሉ። እዚህ የአንዳንዶቹ ሙከራዎች አሠራር ደካማ ስለሆነ አንድ እርከን፣ ውጤታቸውም እርስ በርስ በጣም ስለሚራራቅ ሌላ እርከን ብንቀንስ «ዝቅተኛ» ላይ እናርፋለን። በዚህ እርከን የሚፈቀደው አነጋገር «ሊቀንስ ይችላል» ነው። «ይቀንሳል» ለከፍተኛው ብቻ የተጠበቀ ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። የአብሽ ዱቄት ተዘፍዝፎ፣ ምሬቱ እንዲለቅ ውሃው እየተደፋ፣ ነጭ አረፋ እስኪያወጣ ተመቶ በማር ይጠጣል። በተደፋው ውሃ ምን ያህሉ እንደሄደ አይለካም፤ ማሩም ራሱ ስኳር ነው። ሙከራው የተደረገው በደረቅ ዱቄት ወይም በጭማቂ ከሆነ ውጤቱን ለዚህ መጠጥ በቀጥታ ማዋስ አይቻልም። በእኔ ግምት ጸሐፊዎች በብዛት የሚዘሉት ይህንን ነው፤ ለአንባቢው ግን ከአማካዩ ቁጥር ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ስለ ጉዳቱም ለብቻው መፈለግ ያስፈልጋል፤ አነስተኛ ሙከራ አልፎ አልፎ የሚከሰት ጉዳትን አያሳይምና። ከኢንሱሊን ወይም ከስኳር ክኒን ጋር ሲወሰድ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ዋርፋሪን የሚወስድና ነፍሰ ጡር የሆነችም አብሽን በመድኃኒት መጠን ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ማማከር እንዳለባቸው ስለ አብሽ በሚወጣው ጽሑፍ ላይ ከውጤቱ ጎን ይጻፋል።