ጥያቄ የሌለው የመድኃኒት ፎቶ

ቴሌግራም ላይ ደንበኞቹን የሚያስተናግድ መድኃኒት ቤት ሁሉ ያውቀዋል፦ የተቆረጠ የክኒን ስትሪፕ ፎቶ ይገባል፣ ከሥሩ አንድም ቃል የለም። ላኪው መድኃኒቱን በእጁ ስለያዘ ጉዳዩ ግልጽ ይመስለዋል። ፋርማሲስቱ ግን ከአንዱ ፎቶ ብዙ ጥያቄ ያነብባል። ይህ አላችሁ? ለምን በሽታ ነው? እንዴት ይወሰዳል? ጊዜው አላለፈም? አልፎ አልፎ ደግሞ ከሁሉ የሚያስደነግጠው፦ ልጄ ይህን ውጦብኛል።

«ምን ልርዳዎት?» ብሎ መመለስ ትሕትና አለው፤ ግን ፎቶውን ጨርሶ ያላየ ሰውም ሊጽፈው ይችላል። ስለ መድኃኒቱ የሚያውቁትን ሁሉ መዘርዘርም አይረዳም፤ ሰውየው ዋጋውን ብቻ ፈልጎ ሊሆን ይችላል። የሚሻለው ፎቶው ላይ በርግጥ የሚታየውን ተናግሮ፣ የማይታየውንም ለይቶ፣ አንድ ጥያቄ ማቅረብ ነው።

አንድ ፎቶ እንውሰድ። አራት ፍሬ የቀረበት ስትሪፕ ነው። ጀርባው ላይ «ግሊቤንክላማይድ 5 ሚሊ ግራም» የሚለው ይነበባል፤ አንደኛው ጠርዝ በመቀስ ተቆርጧል። እኔ ብሆን እንዲህ እመልሳለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የላኩልኝ ግሊቤንክላማይድ 5 ሚሊ ግራም ነው፤ በደም ውስጥ ያለን ስኳር የሚቀንስ የስኳር ሕመም ክኒን ነው። ሕፃን ወይም ያልታዘዘለት ሰው ውጦት ከሆነ ደህና ቢመስልም አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። የመጠቀሚያ ጊዜው ያለበት ጠርዝ ስለተቆረጠ፣ ጊዜው ማለፍ አለማለፉን ከፎቶው ማወቅ አልችልም። የፈለጉት መድኃኒቱን ለመግዛት ነው ወይስ ስለ አወሳሰዱ ለመጠየቅ?»

ማስጠንቀቂያው ከላይ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ስለሚገፋፋ የስኳር ሕመም የሌለበትን ሰው ስኳርም ያወርዳል። ለትንሽ ልጅ አንድ ፍሬ እንኳ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ፣ ማለትም ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ፣ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ልጁ እየተጫወተ ሳለ ወላጅ ይዘናጋል። የተደናገጠ ወላጅ ደግሞ መልእክቱን እስከ መጨረሻው አያነብም። ፎቶው የቫይታሚን ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ከላይ ማስቀመጥ ሰውን በከንቱ ማስደንገጥ ይሆን ነበር። ምን እንደሚቀድም የሚወስነው መድኃኒቱ ራሱ ነው።

ስለ ተቆረጠው ጠርዝ መናገሩም ትርፍ ወሬ አይደለም። በእኛ አገር ክኒን በፍሬ እየተቆረጠ ስለሚሸጥ፣ ብዙ ጊዜ ስትሪፑ ጫፍ ላይ የሚታተመው ቀን ከሌላው ደንበኛ ጋር ይሄዳል። ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ፣ ላኪው «ባለሙያው አይቶት ምንም አላለኝም» ብሎ እንዲወስደው ያደርጋል።

በመልሱ ውስጥ ሆን ተብሎ የቀረ ነገር አለ፤ እሱም መጠኑ ነው። «በቀን አንድ ጊዜ ከቁርስ ጋር» ማለት ቀላል ነው፤ ለብዙዎችም የሚታዘዘው እንደዚያ ነው። ግን የሚውጡት ኩላሊታቸው የደከመ፣ ምግብ እምቢ ያላቸው አዛውንት ቢሆኑስ? ያው መጠን ስኳራቸውን ክፉኛ ሊያወርደው ይችላል። ፎቶው መድኃኒቱን ያሳያል እንጂ የሚወስደውን ሰው አያሳይም። ስለ አወሳሰድ የሚወራው የበሽተኛው ዕድሜ፣ የሐኪሙ ትእዛዝና አብሮ የሚወሰደው መድኃኒት ከታወቀ በኋላ ነው።

ስሙ ራሱ በግማሽ የተቆረጠ ከሆነስ? «5 ሚሊ ግራም» የሚለው ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ የደም ግፊቱ አምሎዲፒን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ዲያዜፓምም በ5 ሚሊ ግራም ይመረታሉ። ከማሸጊያው የወጣ ነጭ ክብ ክኒንማ የባሰ ነው። እዚህ ላይ መገመት አይገባም፤ ገምቶ «ምናልባት» ብሎ ማስከተልም ያው ነው፣ ሰው የሚይዘው ስሙን ነውና። የሚበጀው መልስ «ስሙ አይነበብም፤ ፍላሹን አጥፍተው፣ ስትሪፑን ትንሽ ዘንበል አድርገው፣ ጀርባውን እንደገና ያንሱልኝ፤ የተሰጠበት ፖስታ ካለም ይጨምሩልኝ» ነው። የሚያብረቀርቀው ጀርባ በፍላሽ ሲነሳ ጽሑፉ ይጠፋል። ፖስታው ላይ ደግሞ የመድኃኒቱ ስምና መጠን በእጅ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ልጅ ውጦት ከሆነ ግን ስሙ እስኪነበብ አይጠበቅም፤ ስትሪፑን ይዞ መሄድ ነው።

ያች አንዷ ጥያቄ ስትመለስ ጉዳዩ ያልታሰበ ቦታ ሊወስድ ይችላል። «ለእናቴ ነው፤ ሊጠይቁኝ ዋሽንግተን መጥተው አለቀባቸው» የሚል መልስ መጣ እንበል። እንግዲህ አዲስ አበባ ያለው ዋጋ አይጠቅምም። አሜሪካ ውስጥ ይኸው መድኃኒት የሚታወቀው ግላይቡራይድ በሚል ስም ነው፤ ያለ ሐኪም ማዘዣም አይሸጥም። ልጁ ስትሪፑንና የእናቱን ማዘዣ ይዞ እዚያው ሐኪም ዘንድ ይወስዳቸው።