እግርና መሬት የሚስማሙበት ስሌት

በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ሰው ልብ ብሎ ለሚመለከት፣ ፊቱና ልብሱ የቱንም ያህል ተጠንቅቀው ቢሣሉ፣ ያ ምስል ግዘፍ ነሥቶ የቆመ አካል መምሰሉን ወይም ክብደት የሌለው ጥላ ሆኖ መቅረቱን የሚለይበት አንድ ጠባብ ስፍራ አለ፤ ይኸውም ውስጥ እግሩ መሬቱን የሚነካበት ነው። በሜዳ ላይ ሲሄድ ጉድለቱ አይታወቅም። ነገር ግን ያው ሰው ግራ እግሩን በድንጋይ ደረጃ ላይ፣ ቀኝ እግሩን ከደረጃው በታች አድርጎ እንዲቆም ሲፈለግ፣ የቀኙ እግር መሬቱን ሳይነካ በባዶ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል፤ ተመልካቹም ምክንያቱን ባያውቀው እንኳ ዓይኑ ወዲያው ይሰናከላል።

የዚህ ጉድለት ምንጭ ሁለት ነው። አንደኛው፣ እንቅስቃሴው ቀድሞ የተቀረጸው ወይም በአኒሜተር እጅ የተዘጋጀው በተስተካከለ ወለል ላይ ስለሆነ፣ በውስጡ ስለ ድንጋዩም ሆነ ስለ ደረጃው አንዳች ዕውቀት የለበትም። ሁለተኛው፣ ጨዋታው ሰውየውን ከመሬት ጋር የሚያገናኘው በእግሮቹ ሳይሆን፣ መላ ሰውነቱን በሚሸፍንና ለዓይን በማይታይ፣ ካፕሱል በሚሉት የእንክብል ቅርጽ ነው፤ ይህም ካፕሱል ከበታቹ ካገኘው ከፍተኛ ስፍራ ላይ ስለሚያርፍ፣ ከደረጃው ጫፍ የቆመ ሰው በሙሉ በደረጃው ከፍታ ይቆማል፣ ዝቅ ባለው በኩል ያለው እግሩም የሚረግጠው ያጣል።

መድኃኒቱን ለመረዳት አስቀድሞ የሪጉን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ሪግ ማለት በምስሉ ቆዳ ሥር የተሰወረው ዐጽም ነው፤ በዚህም ዐጽም ውስጥ እያንዳንዱ አጥንት ከበላዩ ላለው ይታዘዛል፤ ዳሌ ሲነቃነቅ ጭን ይከተላል፣ ጭን ሲዞር ቅልጥም ይከተላል፣ ቅልጥም ሲታጠፍ የእግር መዳፍ አብሮ ይሄዳል። ማዕዘኖቹ ከታወቁ የእግሩ ስፍራ በራሱ ይገኛል፤ ይህን ፎርዋርድ ኪነማቲክስ ይሉታል። በደረጃው ላይ ግን ጥያቄው ይገለበጣል፤ እግሩ የት እንዲያርፍ እንደምንሻ እናውቃለን፣ የማናውቀው ጉልበቱና ጭኑ ምን ያህል ቢታጠፉ እዚያ እንደሚደርስ ነው። ስሙም ከዚህ የተነሣ ኢንቨርስ ኪነማቲክስ፣ ማለት የተገላቢጦሹ ስሌት ሆነ። ሊቃውንቱ ይህን ጥያቄ በብርቱ የመረመሩት የኮምፒዩተር ጨዋታ ከመስፋፋቱ በፊት፣ በኮምፒዩተር ለሚታዘዙ የብረት ክንዶች ሲሉ ነበር፤ ዶናልድ ፓይፐር የተባለው ተመራማሪ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1968 ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ስለዚሁ ነው። ለእግር ግን የብረት ክንዱ አስቸጋሪ ሒሳብ አያስፈልግም፤ ሁለት አጥንት ብቻ ነውና።

የጭን መጋጠሚያ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ሦስት ነጥቦች ናቸው፤ ሦስቱም ሲገናኙ ሦስት ማዕዘን ይሆናሉ። የዚህ ሦስት ማዕዘን ሁለቱ ጎኖች፣ ጭንና ቅልጥም፣ ርዝመታቸው አይለወጥም፤ ሦስተኛው ጎን ከጭን መጋጠሚያ አንሥቶ ቁርጭምጭሚቱ ሊደርስበት እስከሚገባው ስፍራ ያለው ርቀት ነው። ሦስቱ ጎኖች ከታወቁ ደግሞ ማዕዘኑ ሊሰወር አይችልም፤ ግሪካዊው ዩክሊድ በሁለተኛው መጽሐፉ በ12ኛውና በ13ኛው አንቀጽ በስፋት መልክ ያስረዳው ይኸው ሕግ ነው። ዛሬ የሚጻፈው እንዲህ ነው፤

```
cos(K) = (a² + b² − d²) / (2ab)
```

`a` የጭን፣ `b` የቅልጥም ርዝመት፣ `d` ከጭን መጋጠሚያ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው ርቀት፣ `K` የጉልበቱ ማዕዘን ነው። ጭኑም ቅልጥሙም 45 ሳንቲሜትር የሆነለትን ሰው እንውሰድ። በሜዳ ላይ ዘና ብሎ ሲቆም ከጭን መጋጠሚያው እስከ ቁርጭምጭሚቱ 88 ሳንቲሜትር ነው እንበል፤ ከስሌቱ የሚወጣው የጉልበት ማዕዘን 156 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ፈጽሞ የተዘረጋ እግር 180 ስለሆነ፣ ይህ በጥቂቱ የታጠፈ የቁም እግር ነው።

አሁን ይህን ሰው ከፍታው 20 ሳንቲሜትር በሆነ ደረጃ ጫፍ ላይ እናቁመው። ካፕሱሉ በደረጃው ላይ አርፏል፤ ግራ እግሩ ድንጋዩን ረግጧል፣ ቀኙ ከባዶ በላይ ነው። ስሌቱ መሬቱን የሚፈልገው ከእያንዳንዱ እግር በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ካለ ስፍራ ወደ ታች ጨረር በመላክ ነው፤ ጨረሩ መሬቱን የነካበት ከፍታ ከካፕሱሉ መቆሚያ ጋር ሲነጻጸር፣ በግራ በኩል ልዩነቱ ዜሮ፣ በቀኝ በኩል 20 ሳንቲሜትር ወደ ታች ሆኖ ይመለሳል። ሥራውን አዲስ የጀመረ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም በመጀመሪያ በሠራሁት ሪግ ላይ ብዙ ምሽት የፈጀሁት በዚሁ ስሕተት ነበር። የቀኙን ቁርጭምጭሚት በ20 ሳንቲሜትር ዝቅ አድርገህ ድረስ ብትለው፣ የሚያስፈልገው ርቀት 108 ይሆናል፤ እግሩ ግን ጭንና ቅልጥሙ ተደምረው ከ90 አያልፉም። ስለዚህ እንደ በትር ቀጥ ብሎ ይገተርና፣ ከመሬቱ 18 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቀራል። እኔም የጨረሩን ርዝመትና የእግሩን ዒላማ ደጋግሜ አስተካከልሁ እንጂ፣ በደሉ የእግሩ አለመሆኑን አላስተዋልሁም ነበር።

መስተካከል የነበረበት ዳሌው ነው። ሰው በእውነተኛ ደረጃ ላይ ሲቆም የታችኛውን እግሩን አያስረዝምም፤ ሰውነቱን ዝቅ አድርጎ የላይኛውን ጉልበት ያጥፋል። ሪጉም ይህንኑ እንዲያደርግ፣ ከሁለቱ ልዩነቶች ዝቅተኛው ተመርጦ ዳሌው በዚያ መጠን ይወርዳል፤ በእኛ ምሳሌ 20 ሳንቲሜትር ማለት ነው። ያን ጊዜ የቀኙ እግር እንደገና 88 ሳንቲሜትር ያገኛል፣ ጉልበቱም በ156 ዲግሪ ዘና ይላል፤ የግራው ርቀት ከ88 ወደ 68 ወርዶ፣ ጉልበቱ ወደ 98 ዲግሪ ይታጠፋል፣ ማለት ከ90 ዲግሪ ጥቂት ብቻ የሰፋ ይሆናል። ሁለቱ እግሮች ከዚያ በኋላ ነው የሚሰሉት። ይህ ቅደም ተከተል፣ አስቀድሞ ዳሌ ኋላ እግር፣ የጥበቡ ማእከል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስሌቱን በዝግጁ መልክ የሚያቀርቡ መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ በአንሪል ኤንጂን ውስጥ `Two Bone IK` የሚባለው፣ አንዱን እግር ከዒላማው ያደርሳሉ እንጂ ዳሌው የት መሆን እንዳለበት አይወስኑም።

ከዚሁ ሦስት ማዕዘን የሚወለድ ሌላ ረቂቅ ነገር አለ። ርቀቱ ከ68 ወደ 66 ሳንቲሜትር ቢያጥር፣ ጉልበቱ ከ98 ወደ 94 ዲግሪ ይሄዳል፤ የ4 ዲግሪ ለውጥ ነው። ነገር ግን ያው 2 ሳንቲሜትር እግሩ ሊዘረጋ በተቃረበበት ጽንፍ፣ ከ88 ወደ 90 ሲሆን፣ ጉልበቱን ከ156 ወደ 180 በአንድ ጊዜ በ24 ዲግሪ ያስፈነጥረዋል። ስለዚህ ዒላማው በዚያ ወሰን አካባቢ ጥቂት እንኳ ሲንቀጠቀጥ፣ ጉልበቱ እንደ ተለቀቀ ምንጭ ወደ ኋላ ይፈነጠርና ወዲያው ይመለሳል። ተመልካቹ ይህን በደረጃ መውረድ መጨረሻ ላይ እንደ ድንገተኛ ንጠት ያየዋል። ፈውሱ እግሩ ፈጽሞ እንዲዘረጋ አለመፍቀድ ነው፤ ርቀቱ ወደ ሙሉው ርዝመት ሲቃረብ ዒላማው እየለሰለሰ ይገታል፣ ወይም ዳሌው ጥቂት ተጨማሪ ዝቅ ይላል።

የማዕዘኑ ልክ ቢታወቅም የጉልበቱ አቅጣጫ ገና አልታወቀም። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ከመሬት ሳያነሣ ጉልበቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛወዘ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዳሌና ቁርጭምጭሚት ባሉበት ጸንተው ጉልበት በዙሪያቸው ባለ ክበብ ላይ በፈለገው ስፍራ ሊሆን ይችላል። በሒሳቡ ዘንድ እነዚህ ሁሉ እኩል ትክክል ናቸው፤ በሰው አካል ዘንድ ግን ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ስብራት ናቸው። ስለዚህ ከጉልበቱ ፊት ለፊት አንድ የማይታይ ነጥብ ይቀመጥና ጉልበቱ ወደዚያ እንዲያይ ይታዘዛል። ነጥቡ ከዳሌው ጋር እንዲዞር ካልተደረገ፣ ሰውየው ፊቱን ሲያዞር ጉልበቱ ወደ ጎን ይጠመዘዛል።

የቁርጭምጭሚቱ ነገር አጭር ነው። ዒላማው የመሬቱ ነጥብ ራሱ ሳይሆን፣ ከውስጥ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው ከፍታ የተጨመረበት ነጥብ መሆን አለበት፤ ይህ ሲረሳ እግሩ በድንጋይ ውስጥ ይሰምጣል። ከዚያም መዳፉ ከመሬቱ ተዳፋት ጋር እንዲተኛ ይዞራል፤ ነገር ግን ጨረሩ ድንገት የድንጋይ ጎን ቢነካ መዳፉ ሽቅብ ተገትሮ እንዳይቆም፣ ዙሩ ቁርጭምጭሚት ከሚችለው እንዳያልፍ ይወሰናል።

እስካሁን ያልነው ለቆመ ሰው ነው። ለሚራመድ ሰው እግሩን ከመሬት ጋር መስፋት ጥፋት ነው፤ በአየር ላይ የሚያልፈው እግር ድንጋዩን እየላሰ ይሄዳልና። ስለዚህ የመሬቱ ልዩነት የእንቅስቃሴውን ከፍታ አይተካም፣ በላዩ ይደመራል እንጂ፤ እግሩ በሜዳ 15 ሳንቲሜትር ይነሣ ከነበረ፣ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ባለው ደረጃ ላይ ወደ 35 ይነሣል። ልዩነቱም በአንድ ፍሬም እንዳይዘል ቀስ በቀስ ይቀርባል። ጨዋታው በሰከንድ 60 ፍሬም ሲያሳይ በየፍሬሙ ከቀረው 15 በመቶ ቢሄድ፣ ከ10 ፍሬም በኋላ፣ ማለት በአንድ ስድስተኛ ሰከንድ፣ ከ20 ሳንቲሜትሩ የሚቀረው 4 ያህል ብቻ ነው። ይህ ድርሻ በፍሬም ቁጥር ብቻ ከታሰረ ግን፣ 30 ፍሬም በሚያሳይ ደካማ ማሽን ላይ ያው እግር በግማሽ ፍጥነት ይዘገያል፤ ስለዚህ ድርሻው ባለፈው ጊዜ ልክ መሰላት አለበት።

ይህ ሁሉ በትክክል ተሠርቶ እግሩ አሁንም ከደረጃው በላይ ሲንሳፈፍ የታየ እንደሆነ፣ ስሌቱን ከመንቀስ በፊት ጨረሩ ምን እንደነካ መመልከት ይገባል። ለዓይን የሚታየው ደረጃ ብዙ ጊዜ ከሥሩ የተሰወረ ለስላሳ ተዳፋት አለው፤ ካፕሱሉ ሳይደናቀፍ እንዲወጣ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ጨረሩም ያንን ተዳፋት ነክቶ በእውነት ይመለሳል፣ ነገር ግን የነካው ተጫዋቹ የሚያየውን ድንጋይ አይደለም። ለእግሩ ጨረር እርከኖቹን በትክክል የሚከተል ሁለተኛ ገጽ ሊዘጋጅለት ይገባል። በገደል አፋፍ ላይ ደግሞ ጨረሩ ምንም ሳይነካ ይመለሳል፤ ወይም እጅግ ጥልቅ የሆነ መሬት ይነካና ዳሌው እሱን ተከትሎ ሰውየውን እስከ ጉልበቱ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ የዳሌው መውረድ ወሰን ይበጅለታል፤ ከወሰኑ በታች ላለ መሬት እግሩ አይዘረጋም፣ እንቅስቃሴው እንደተቀረጸ ይተዋል። ይህን ሁሉ ለማወቅ ጨረሮቹን በደማቅ ቀለም በስክሪኑ ላይ ማስሣልና ጊዜውን ወደ አንድ አሥረኛ ማዘግየት ይበቃል፤ የጨረሩ መስመር ከእግሩ በታች የት እንደሚቆም ያየ ሰው፣ ስሕተቱ በሦስት ማዕዘኑ ይሁን በመሬቱ ወዲያው ይለያል።