ከመጀመሪያው ቪዲዮ በፊት

ለዩቲዩብ ቻናል መስክ ሲመረጥ የአዘጋጁ እውቀት፣ የተመልካቹ ፍላጎትና ቀድመው የገቡት ሰዎች ሥራ አንድ ላይ ይመዘናሉ። በአንዱ ብቻ የተመረጠ መስክ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ቪዲዮ በኋላ ይነጥፋል።

እውቀትን መፈተሽ ቀላል ነው። አዘጋጁ ምንም ሳያገላብጥ 30 ርዕሶች ወረቀት ላይ ይጽፋል። 12ኛው ላይ እጁ ከቆመ ወይም ርዕሶቹ መደጋገም ከጀመሩ፣ መስኩን ይወደው ይሆናል እንጂ ገና አያውቀውም።

አሜሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ ሴት ቻናል ልትከፍት አሰበች እንበል። «የኢትዮጵያ ምግብ» ብትል ርዕስ አይቸግራትም፤ ግን ስለ ዶሮ ወጥ ብዙ ተከታይ ያፈሩ ቻናሎች ደጋግመው ሠርተዋል። ስለዚህ ወደ እንጀራው ብቻ ትጠብባለች።

ፍላጎቱ የሚታየው በዩቲዩብ የፍለጋ ሳጥን ነው። አንድ ቃል ሲጻፍ ከሥሩ የሚዘረዘሩት ጥቆማዎች በአብዛኛው ሌሎች ከሚፈልጉት የሚመነጩ ናቸው። የራስ የፍለጋ ታሪክ እንዳያዛባቸው ግን በግል የአሳሽ መስኮት መሞከር ያሻል። አማርኛ ተናጋሪው በሁለት ፊደል ስለሚፈልግ «እንጀራ»ም enjera እና injeraም በየተራ መጻፍ አለባቸው፤ ብዙዎች ይህን ይዘነጋሉ። Google Trends ላይ «YouTube Search» ተመርጦም ማየት ይቻላል። እሱ የሚያሳየው ከ0 እስከ 100 የሆነ አንጻራዊ መጠን እንጂ የፈላጊ ቁጥር አይደለም፤ ፈላጊው ሲያንስ ደግሞ ባዶ ይመጣል። ለአማርኛ ቃላት ባዶ መምጣቱ ታዲያ ፍላጎት የለም ማለት አይደለም።

ፉክክሩን ለመመዘን የቻናሎችን ብዛት መቁጠር አይበቃም። መጀመሪያ የሚመጡት አሥር ቪዲዮዎች ተከፍተው የዕይታቸው ቁጥር ከቻናሉ ተከታይ ጋር ይነጻጸራል። 800 ተከታይ ያለው ቻናል 60 ሺህ ዕይታ ካገኘ፣ ቪዲዮውን ያዩት በአብዛኛው የቻናሉ ተከታዮች አይደሉም። የአምስት ዓመት ቪዲዮ ዛሬም ከላይ ከተቀመጠ፣ የተሻለ የሠራ አልመጣም ማለት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ቪዲዮዎቹ እስከ መጨረሻው መታየት አለባቸው፤ ክፍተቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። ጋጋሪዋ ስታያቸው አብሲት አጣጣሉን ያሳያሉ፤ በክረምት ብርድ ሊጡ ኩፍ አልል ሲል ምን እንደሚደረግ ግን አይናገሩም። እሷ ይህን በየዓመቱ ትጋፈጠዋለች።

ማንም ያልሠራበት መስክ ሲገኝ መጠርጠር ይበጃል፤ ብዙ ጊዜ ፈላጊም የለውም። መስኩ ሲጠብ ደግሞ ርዕስ ሊያልቅ ይችላል፤ ስለዚህ የ30ው ርዕስ ፈተና እንደገና ይደረጋል። ጋጋሪዋ ስለ እንጀራ ብቻ 14 ላይ ከቆመች፣ ድፎ ዳቦንና እርሾ የሚገባባቸውን ሌሎች ሊጦች ጨምራ መስኩን «በውጭ አገር ኩሽና የእርሾ ሥራ» ማድረግ ትችላለች። ከዚያ አዲሶቹን ቃላት በሁለቱም ፊደል ወደ ፍለጋ ሳጥኑ ትመልሳቸዋለች።