የጀልባ ሻፍት ስንት ይችላል?

ከሞተሩ ተነስቶ እስከ ፕሮፔለሩ የሚዘልቀው የጀልባ ሻፍት ለዓይን ተራ የብረት ዘንግ ነው። ጀልባዋ ስትንቀሳቀስ ግን በአንድ ጊዜ ሦስት ዓይነት ጫና ይሸከማል። ሞተሩ ይጠመዝዘዋል። ፕሮፔለሩ ውኃውን ወደ ኋላ ሲገፋ ውኃውም መልሶ ፕሮፔለሩን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ጀልባዋን የሚያስኬደው ይህ ግፊት በዘንጉ ርዝመት ስለሚያልፍ ሻፍቱን ይጨምቀዋል። በሦስተኛ ደረጃ ይጎብጣል። ፕሮፔለሩ ከመጨረሻው ኩሽኔታ ወጥቶ የተንጠለጠለ በመሆኑ ክብደቱ ዘንጉን ወደ ታች ይጎትተዋል። በዚያ ላይ ከጀልባዋ ሥር የሚመጣው ውኃ ሁሉንም ክንፎች እኩል ስለማያገኛቸው ግፊቱ ከዘንጉ መሐል ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ ይኸውም ያጎብጣል።

እነዚህን ሦስት ጫናዎች ለየብቻ ማስላት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ብረቱ ይችላል ወይስ አይችልም ብሎ መፍረዱ ነው።

አንድ ጀልባ እንውሰድ። ሞተሩ 75 ኪሎዋት ይሰጣል፣ ሻፍቱ በደቂቃ 1200 ጊዜ ይዞራል፣ ውፍረቱ 40 ሚሊሜትር ነው። ከዚህ ጉልበትና ፍጥነት የሚገኘው ቶርክ 600 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ጀልባዋ በሰዓት 18 ኪሎሜትር ስትሄድ ከሞተሩ ጉልበት ግማሹ ወደ ግፊት ይቀየራል ብንል፣ ዘንጉን የሚጨምቀው ኃይል 7500 ኒውተን ይሆናል። 25 ኪሎ የሚመዝነው ፕሮፔለር ከኩሽኔታው 20 ሳንቲሜትር ርቆ ሲንጠለጠል 50 ኒውተን ሜትር ያህል ያጎብጣል፤ ግፊቱ ከመሐል 2 ሳንቲሜትር ቢርቅ ደግሞ 150 ይጨምራል። ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚገጣጠሙበትን የከፋ ሁኔታ ወስደን 200 እንበል።

ብረቱ የሚፈተነው በኩሽኔታው ጫፍ፣ በዘንጉ ቆዳ ላይ ነው። መጉበጥም መጠምዘዝም ከመሐል ይልቅ በቆዳው ላይ ይበረታሉና። እዚያ ቦታ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር ላይ መጨመቁ 6 ኒውተን፣ መጉበጡ 32 ኒውተን፣ መጠምዘዙ 48 ኒውተን ያህል ውጥረት ይፈጥራሉ። መሐንዲሶች ይህን መለኪያ ሜጋፓስካል ይሉታል። መጨመቁና መጉበጡ ሁለቱም በዘንጉ ርዝመት የሚሠሩ ስለሆኑ በተጨመቀው ወገን በቀጥታ ይደመራሉ፤ 38 ይሆናሉ። የመጠምዘዙ 48 ግን ሌላ ዓይነት ነው። ብረቱን አይገፋውም፣ አይስበውም፤ አንዱን የብረት ንብርብር በሌላው ላይ ሊያንሸራትት ይሞክራል። ሁለቱን እንዲሁ ደምሮ 86 ማለት ስሕተት ነው።

ታዲያ እንዴት ይጣመራሉ? ጥያቄውን ከመሠረቱ ያነሳው ፖላንዳዊው መሐንዲስ ማክሲሚሊያን ሁበር ነበር፤ በ1904 እ.ኤ.አ. በፖላንድኛ ስላሳተመው ግን ብዙዎች ሳያዩት ቀረ። በ1913 ሪቻርድ ፎን ሚዘስ ወደዚያው መለኪያ በራሱ መንገድ ደረሰ፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ የሚጠራው በሚዘስ ስም ነው። ለሁበር ቢያዝንለት አይፈረድበትም፤ ሐሳቡን ከጉልበት አንጻር አጥርቶ ያየው እሱ ነበርና።

ሐሳቡ ይህ ነው። ብረት በጫና ሥር ሲሆን ጉልበት በውስጡ ያጠራቅማል፤ ይህም ጉልበት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ክፍል የብረቱን ይዘት ያሳንሳል ወይም ያሰፋል፣ ሁለተኛው ቅርጹን ያዛባል። ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የተጨመቀ ብረት፣ ጥልቅ ውኃ ውስጥ እንደገባ ያለ፣ ይዘቱ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ እስከመጨረሻው አይበላሽም። ጫናው ሲነሳ ወደነበረበት ይመለሳል። ብረትን ላይመለስ የሚያጣምመው ቅርጽ የሚያዛባው ጉልበት ነው። ስለዚህ የዚህን ጉልበት መጠን ብቻ እናሰላና፣ ያው ብረት በላቦራቶሪ ተስቦ እጁን በሰጠበት ቅጽበት ከነበረው ጋር እናስተያያለን። ይህ ጥሩ የሚያደርገው አንድ የመሳብ ሙከራ ብቻ ለማንኛውም የጫና ቅልቅል መፍረጃ መሆኑ ነው።

ለዘንጋችን ስሌቱ እንዲህ ያጥራል፦

σ′ = √(σ² + 3τ²)

σ በርዝመቱ ያለው 38፣ τ የመጠምዘዙ 48 ነው። 3 የምትለው ቁጥር ያለ ምክንያት አልገባችም፤ መጠምዘዝ ይዘት ሳይነካ ቅርጽን ብቻ ስለሚያዛባ ከመሳብ ይልቅ ክፉኛ ይቆጠራል። ውጤቱ 91 ሜጋፓስካል ገደማ ይመጣል። በ1931 ቴይለርና ኩዊኒ የመዳብ፣ የአሉሚኒየምና የለስላሳ ብረት ቱቦዎችን እየሳቡም እየጠመዘዙም ሲፈትኑ ውጤታቸው ወደዚህ መለኪያ ተጠግቶ ነበር።

ሻፍቱ የተሠራው በመሳብ ሙከራ 205 ሜጋፓስካል ላይ እጁን ከሚሰጥ ስቴንለስ ስቲል ነው እንበል። 205ን ለ91 ብናካፍል 2.25 እናገኛለን። ሴፍቲ ፋክተር የምንለው ይህ ነው፤ ሦስቱም ጫናዎች አብረው ከእጥፍ በላይ ቢያድጉ እንኳ ዘንጉ ገና ቅርጹን ይይዛል ማለት ነው። መጠምዘዙን ብቻ አይቶ 205ን ለ48 ያካፈለ ሰው ግን 4.3 አገኘሁ ብሎ ተረጋግቶ ይተኛል። ብዙ ዘንግ የሚጣመመው እንዲህ ባለ ስሌት ነው።

2.25 ይበቃል? መልሱ ያለው ጫናውን ምን ያህል እናውቀዋለን በሚለው ላይ ነው። ፕሮፔለሩ ከውኃ በታች ያለ ግንድ ቢመታ ቶርኩ ለአፍታ እጥፍ ሊሆን ይችላል። 1200 ኒውተን ሜትር አድርገን ስናሰላው ውጥረቱ ወደ 170 ይወጣል፤ መጠባበቂያው 1.2 ብቻ ይቀራል። ለመቆጠብ ሲባል ዘንጉ ወደ 35 ሚሊሜትር ቢቀጥን ደግሞ ያለ ግንዱ እንኳ 1.5 ላይ ይወርዳል፤ 5 ሚሊሜትር ትንሽ ይመስላል እንጂ መጉበጥና መጠምዘዝ በውፍረቱ ኪዩብ ነው የሚቆጠሩት። እኔ ብሆን 45 ሚሊሜትር አደርገዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግንድ ቢመታም 1.7 ይተርፋል።

ስሌቱ የማይናገረውም አለ። የሚፈትሸው ዘንጉ በአንድ ጊዜ ጫና ይጣመም እንደሆነ ነው። ሻፍቱ ግን ይዞራል፤ ፕሮፔለሩ ወደ ታች ስለሚጎትት፣ ቆዳው ላይ ያለው ያው ነጥብ ከላይ ሲሆን ይሳባል፣ ከታች ሲሆን ይጨመቃል፤ ይህም በደቂቃ 1200 ጊዜ ይመላለሳል። በ14 ሰዓት ጉዞ አንድ ሚሊዮን ይሞላል። ብረት ሊያጣምመው ከሚችለው በጣም ባነሰ ውጥረትም ቢሆን በዚህ ምልልስ ይደክማል፣ ስንጥቅም ያወጣል። ስንጥቁ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ቶርኖ ላይ ዲያሜትሩ በድንገት ከተቀነሰበት ማዕዘን ወይም ፕሮፔለሩን የሚይዘው ኪ ከሚገባበት ቦይ ጥግ ነው፤ ዝገት ካለበት ደግሞ ይፋጠናል።

የተሰበረ ሻፍት ሲገኝ የትኛው እንደገደለው ከስብራቱ ፊት ይታወቃል። በአንድ ጊዜ ከአቅም በላይ ተጠምዝዞ የተቆረጠ እንዲህ ዓይነት ብረት ከዘንጉ ጋር ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፤ አጠገቡ ያለው ቆዳም የመጠምዘዝ ምልክት ይይዛል። በድካም የተሰበረው ግን ከአንድ ጥግ ተነስተው እየሰፉ የሚሄዱ ለስላሳ ቅስቶችን ያሳያል፤ በመጨረሻ የተገነጠለው ትንሽ ቁራጭ ብቻ ሻካራ ሆኖ ይቀራል። ቅስቶቹ ከታዩ ዘንጉን በዚያው ቅርጽ አወፍሮ መመለስ ብቻውን አያድንም፤ ጥጉን ክብ አድርጎ መቅረጽና ኩሽኔታውን ወደ ፕሮፔለሩ ማስጠጋት ይቀድማል።