የሠርጉን ቪዲዮ ማን ያየዋል?

አንድ የቁይ ከተማ ቤተሰብ የሠርግ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ጭኖ ውጭ አገር ላሉ ዘመዶቹ ሊልክ ነው እንበል። Public ካለው ማንም ፈልጎ ያገኘዋል። Private ካለው የሚያዩት በኢሜይል ተጋብዘው በጉግል አካውንታቸው የገቡ ብቻ ናቸው፤ ሊንኩ ለሌላ ሰው ቢተላለፍም አይከፈትለትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው Unlisted ላይ ነው። ቪዲዮው በፍለጋም ሆነ በቻናሉ ገጽ አይታይም፤ ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ግን አካውንት ባይኖረውም ያየዋል። አንድ የአክስት ልጅ ሊንኩን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ቢለጥፈው፣ ሙሽሮቹን ጨርሶ የማያውቅ ሰውም ይመለከተዋል። ዩቲዩብ የተመልካቾችን ስም ስለማይነግር፣ ሊንኩ መሰራጨቱን የሚጠቁመው የእይታው ቁጥር ከተጠበቀው በላይ ማሻቀቡ ነው። ያን ጊዜ ወደ Private ይቀይሩት፤ የተሰራጨው ሊንክ ላልተጋበዘ ሰው መክፈቱን ያቆማል።