የግላኮማ ሁለት ወረቀቶች እንዴት ይነበባሉ?

ግላኮማ እንዳለበት በቅርቡ የተነገረው ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንዱ ኦሲቲ የሚባለው መሣሪያ የዓይን ነርቭ ክሮችን ውፍረት በብርሃን የለካበት ነው። ሌላው ደግሞ ብልጭ የሚሉ ነጥቦችን ባየ ቁጥር ቁልፍ እየተጫነ የእይታውን ስፋት ያስለካበት ነው። ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ቀዩ ላይ ስለሆነ ድንጋጤውም ከዚያ ይጀምራል።

ቀዩ ግን በሽታ ማለት አይደለም። በዕድሜ ከሚመሳሰሉት ጤናማ ሰዎች እንዲህ የሳሳ ነርቭ ያለው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ከፍተኛ ማይነስ መነጽር የሚያደርግ ሰው ዓይኑ ረዘም ያለ ስለሆነ ግላኮማ ሳይኖርበትም ቀይ ሊወጣበት ይችላል። የዓይን ሞራ ወይም ድርቀት ምስሉን ሲያደበዝዘውም ነርቩ ከእውነተኛው የሳሳ ይመስላል። ሲረስ በተባለው መሣሪያ ወረቀት ላይ Signal Strength የሚለው ቁጥር ከ10 ቢያንስ 6 ካልሆነ ምርመራውን መድገም ይሻላል።

የ52 ዓመት መምህር የግራ ዓይኑን ተመረመረ እንበል። Signal Strength 8 ነው። የነርቩ የላይኛው ክፍል 102 ማይክሮን ሆኖ አረንጓዴ ወጥቷል፤ የታችኛው ግን 71 ብቻ በመሆኑ ቀይ ነው። አሁን ወደ ሁለተኛው ወረቀት መሄድ ያስፈልጋል። የታችኛው የሬቲና ክፍል የሚያየው ከላይ ያለውን ስለሆነ፣ ጉዳቱ እውነተኛ ከሆነ ጥቁሩ መገኘት ያለበት በእይታው የላይኛው ግማሽ ነው። የመምህሩ Pattern Deviation ካርታም በላይኛው ግማሽ፣ በአፍንጫ በኩል፣ ተጠጋግተው የተሰለፉ ጥቁር ነጥቦች ያሳያል። ሁለቱ ወረቀቶች ገጠሙ።

በግራጫው ካርታ ላይ በስተግራ ለብቻዋ የምትታየው ጥቁር ቦታ ግን አታስጨንቅም፤ ነርቩ ከዓይን የሚወጣበት ስለሆነ ማንኛውም ሰው እዚያ አያይም። ጥቁሩ ከታች ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ግን ሐኪሙ ወይ ምርመራውን ያስደግማል፣ ወይ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፈተናው የሚታመን መሆኑ ይታያል። False POS ከ15% ካለፈ ተመርማሪው ብርሃን ሳያይም ቁልፉን ተጭኗል፤ ውጤቱም ከእውነቱ የተሻለ ሆኖ ይወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረመረ ሰው ደግሞ ስለማይለምደው ብዙ ጊዜ ከአቅሙ በታች ያስመዘግባል። ስለዚህ ሐኪሙ መምህሩን ከሳምንታት በኋላ በድጋሚ ጠራው። ነጥቦቹ እዚያው ቦታ ላይ ጥቁር ሆነው ስለተገኙ የሁለተኛው ቀን ውጤት መነሻ ሆኖ ተያዘ። የየኩባንያው መሣሪያ ልኬት ስለሚለያይ፣ የሚቀጥለውን ኦሲቲ በዚያው ዓይነት መሣሪያ እንዲነሳና የድሮዎቹን ወረቀቶች ይዞ እንዲመጣም ተነገረው።