ፍሪጅ ሙቀትን ወደ ውጭ የሚያወጣው እንዴት ነው?

በብዙ የቤት ፍሪጆች ቱቦ ውስጥ የሚዞረው አር-134ኤ የተባለው ጋዝ በተለመደው የአየር ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ይፈላል። ግፊቱ ሲጨምር መፍያው ነጥብም ከፍ ይላል፤ የፍሪጁ ሥራ ሁሉ የቆመው በዚህ ጠባይ ላይ ነው።

በፍሪዘሩ ግድግዳ ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ፈሳሹ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ለመፍላት የሚያስፈልገውን ሙቀት የሚወስደው ከሥጋውና ከወተቱ ነው።

ከኋላ በታች በኩል የሚያጉረመርመው ኮምፕረሰር ተኑን ስቦ ይጨምቀዋል። ግፊቱ ከአየር ግፊት ከ11 እጥፍ በላይ ይደርሳል፣ ተኑም ይግላል። የመጨመቁ ዓላማ ተኑን ከወጥ ቤቱ አየር የበለጠ ማሞቅ ነው፤ ሙቀት የሚሄደው ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ብቻ ስለሆነ። በኮንደንሰሩ ቱቦዎች ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ለቆ በ45 ዲግሪ አካባቢ ፈሳሽ ይሆናል።

ፈሳሹ ቀጥሎ በጠባብ መንገድ ያልፋል። በቤት ፍሪጅ ይህ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ነው፤ በትልልቅ የማቀዝቀዣ ክፍሎች ደግሞ ኤክስፓንሽን ቫልቭ። ግፊቱ ድንገት ሲወርድ ከፈሳሹ ከፊሉ ወዲያው ተንኖ የቀረውን ያቀዘቅዘዋል። ቫልቩ የኢቫፖሬተሩን መውጫ ሙቀት እየተከታተለ መጠኑን ይቆጣጠራል፤ ፈሳሽ ስለማይጨመቅ ወደ ኮምፕረሰሩ ከገባ ይሰብረዋልና።

ኮንደንሰሩ አቧራ ከለበሰ ወይም ፍሪጁ ከግድግዳ ከተጣበቀ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ያኔ ግፊቱ ይጨምራል፣ ኮምፕረሰሩም ሳያርፍ ይሠራል። በረዶ የሚይዘው የኢቫፖሬተሩ መግቢያ ብቻ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ጋዙ አንሷል ማለት ነው። ባለሙያው ጋዝ ከመሙላቱ በፊት የሚያፈስበትን ቦታ መፈለግ አለበት።